በወረቀቱ ላይ ያለውን ብቻ ማንበብ፦ የባልንጀራን ሲቪ ስለ መገምገም በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ምሳሌነት የቀረበ አጭር ጥናት

መግቢያ

ለሥራ ወይም ለከፍተኛ ትምህርት የሚያመለክት ሰው የትምህርትና የሥራ ታሪኩን የሚዘረዝርበትን ጽሑፍ፣ በተለምዶ አጠራሩ ሲቪውን፣ ከማስገባቱ በፊት ለአንድ ባልንጀራው ማሳየቱ የተለመደ ነው። ባልንጀራውም አንብቦ ሁለት ወይም ሦስት የፊደል ግድፈት ያርምና «ጥሩ ነው፤ ይቅናህ» ብሎ ይመልስለታል። አመልካቹ ግን ለፈተና ከሚጠሩት ስም ዝርዝር ውስጥ ራሱን ሳያገኝ ይቀራል፤ ምክንያቱንም የሚነግረው የለም።

ይህ ጽሑፍ የሚከራከርለት ሐሳብ አንድ ነው። ባልንጀራ ደካማ ገምጋሚ የሚሆነው በቸልተኝነት ወይም በይሉኝታ ብቻ ሳይሆን ብዙ ስለሚያውቅ ጭምር ነው። ሲቪውን ሲያነብ በወረቀቱ ላይ የጎደለውን ሁሉ ከራሱ ዕውቀት እየሞላ ያነባል፤ ስለዚህም ጉድለቱ አይታየውም። ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ተቀምጦ የአመልካቾችን ማስረጃ የሚያጣራው ሰው ግን የሚሞላበት ዕውቀት የለውም። ጠቃሚ ግምገማ ማለት እንግዲህ ገምጋሚው የሚያውቀውን ለጊዜው ትቶ በወረቀቱ ላይ ያለውን ብቻ ማንበብ መቻሉ ነው።

ለማሳያ የተመረጠው አካባቢ የደቡብ ጎንደር ዞን ምሥራቃዊ ክፍል፣ ማለትም ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ነው። በአካባቢው ብዙ ወጣት ምሩቃን የመጀመሪያ ሥራቸውን የሚያገኙት በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ በትምህርት ቤት ወይም በጤና ጣቢያ ነው፤ ከዚያም ወደ ፕሮጀክት ሥራ ወይም ወደ ሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ለመሻገር ያመለክታሉ። ከወረዳ ወደ ውጭ በሚደረገው በዚህ ሽግግር ላይ የጋራ ዕውቀት ያደበቀው ጉድለት ጎልቶ ይወጣል። ከዚህ ቀጥሎ የምትቀርበው አመልካች ለትምህርቱ ሲባል የተቀናበረች ምሳሌ እንጂ በእውን ያለች ግለሰብ አይደለችም፤ በእርሷ ላይ የሚታዩት ጉድለቶች ግን ደጋግመው የሚያጋጥሙ ናቸው።

የምሳሌው አመልካች

አመልካቿ በተፈጥሮ ሀብት አያያዝ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ያገኘችው በሰኔ 2009 ዓ.ም. ነው። ከኅዳር 1 ቀን 2010 እስከ ጥቅምት 30 ቀን 2013 ዓ.ም. በስማዳ ወረዳ በአንድ ቀበሌ የተፈጥሮ ሀብት ልማት ሠራተኛ ሆና አገልግላለች። ከኅዳር 1 ቀን 2013 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ በእስቴ፣ በመካነ ኢየሱስ ከተማ በሚገኘው ጽሕፈት ቤት የተፋሰስ ልማት ባለሙያ ነበረች። አሁን የምታመለክተው መንግሥታዊ ባልሆነ ድርጅት ውስጥ ለተፋሰስ ፕሮጀክት ኦፊሰርነት ነው። ማስታወቂያው የሚጠይቀው አግባብ ያለው የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ከምረቃ በኋላ የተገኘ የ6 ዓመት የሥራ ልምድ፣ ከዚህም ውስጥ ቢያንስ 3 ዓመት በተፋሰስ ሥራ ላይ የዋለ፣ እንዲሁም ከማኅበረሰብ ጋር ዕቅድ የማዘጋጀት ችሎታ ነው።

ሲቪዋ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሦስት ገጽ ነው። እንዲያይላት የሰጠችው አብሯት የተማረና የአካባቢው ተወላጅ የሆነ ባልንጀራዋ ነው።

ከማስታወቂያው መጀመር

ገምጋሚው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሲቪውን ሳይሆን ማስታወቂያውን ነው። ያለ ማስታወቂያ የሚደረግ ግምገማ ከጽሑፍ አርትዖት አያልፍም፤ አንድ መስመር ይቆይ ወይስ ይውጣ የሚለውን የሚወስነው ተቀጣሪው ምን እንዲሠራ እንደሚፈለግ ነውና። ማስታወቂያውን ተቀብሎ መስፈርቶቹን በአንድ ነጠላ ወረቀት በግራ በኩል አንድ በአንድ ይጻፋቸው። በምሳሌያችን አራት ይሆናሉ፦ ዲግሪ፣ ስድስት ዓመት፣ ሦስት ዓመት በተፋሰስ፣ የማኅበረሰብ ዕቅድ።

ቀጥሎ እስክሪብቶ ሳይዝ ሲቪውን ለአንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ያንብብ፤ ከዚያ ይክደነውና ያስታወሰውን በቀኝ በኩል ይጻፍ። የማጣራቱ ሥራ ብዙ ማመልከቻ በአጭር ጊዜ የሚታይበት ስለሆነ ይህ ፈጣን ንባብ ከአጣሪው ንባብ ጋር በጣም ይቀራረባል። ባልንጀራው እንዲህ ሲያደርግ ያስታወሰው የትውልድ ቦታዋን፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቷን ስምና ብዙ ሥልጠና መውሰዷን ነበር። በግራ በኩል ከሰፈሩት አራት መስፈርቶች በቀኝ በኩል መልስ ያገኘው ዲግሪው ብቻ ሆነ። ሴትዮዋ መስፈርቱን ታሟላለች፤ ወረቀቷ ግን አያሳይም። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ በዚህ ክፍተት ላይ ያተኩራል።

ይዘት፦ የሠራሽው የቱን ነው?

ሁለተኛው ንባብ ቀስ ብሎና እስክሪብቶ ተይዞ የሚደረግ ነው። ገምጋሚው በእያንዳንዱ መስመር ላይ ራሱን አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ ይህን የተረዳሁት ከተጻፈው ነው ወይስ ከማውቀው? ከማውቀው ነው ያለበትን መስመር ሁሉ ያስምርበት።

በአመልካቿ ሲቪ ላይ የስማዳው ሥራ እንዲህ ተገልጿል፦ «የተፈጥሮ ሀብት ሥራዎችን ማስተባበር፤ ለአርሶ አደሮች ሥልጠና መስጠት፤ በሴፍቲኔት ሥራ መሳተፍ፤ ሪፖርት ማዘጋጀት።» ለአካባቢው ሰው ይህ ሙሉ ሥዕል ነው። ስማዳም ሆነ ጋይንት በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የሚሠራባቸው ወረዳዎች መሆናቸውን፣ በፕሮግራሙ የታቀፈ አቅም ያለው ቤተሰብ በእርከንና በክትር ሥራ እየተሳተፈ ክፍያ እንደሚያገኝ፣ የበጋው የተፋሰስ ሥራ በሚካሄድበት ወቅት የልማት ሠራተኛ ማለዳ ተነሥቶ ተዳፋቱን እንደሚወጣ ያውቃል። በተጨማሪም በአንድ ቀበሌ ለሰብል፣ ለእንስሳትና ለተፈጥሮ ሀብት የተመደቡ የተለያዩ ልማት ሠራተኞች መኖራቸው የተለመደ ስለሆነ፣ የተፋሰሱ ሥራ በዋናነት የእርሷ ኃላፊነት እንደነበር ይረዳል። አንዱም ግን በወረቀቱ ላይ የለም። ለማያውቀው አንባቢ «በሴፍቲኔት ሥራ መሳተፍ» ስም ከመመዝገብ እስከ እህል ከማከፋፈል ድረስ ማንኛውንም ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ የገምጋሚው ፈተና የሚያውቀውን ራሱ ጽፎ መሙላት ነው። ይህን ማድረግ የለበትም። አንደኛ፣ የሚያውቀው ስለ ወረዳው እንጂ ስለ እርሷ የዕለት ሥራ አይደለም፤ ሁለተኛ፣ በሌላ ሰው እጅ የተጻፈን መስመር በቃለ መጠይቅ ላይ ማስረዳት ይከብዳል። የሚጠቅመው መጠየቅ ነው፤ ጥያቄውም ጠባብና መልሱ የሚጻፍ ዓይነት ይሁን። ባልንጀራው በኅዳጉ ላይ እንዲህ ጻፈላት፦ «እዚህ ላይ ‘ተሳትፌያለሁ’ ብለሻል። አንቺ ራስሽ በእጅሽ የሠራሽው የቱን ነው? በስንት ሄክታር ላይ? ማን ወሰነ፣ አንቺ ወይስ ኮሚቴው? ክረምቱ ካለፈ በኋላ ምን ተርፎ አገኘሽ?»

መልሷ ከሲቪው የተለየ ሰው አሳየ። ከቀበሌው የተፋሰስ ኮሚቴ ጋር ሆና ለአንድ ንዑስ ተፋሰስ ዕቅድ አዘጋጅታለች። የእርከኑን መስመር በላይን ሌቭል፣ ማለትም ገመድ ላይ በሚንጠለጠል ውኃ ልክ፣ እየቀየሰች በ42 ሄክታር ላይ መርታለች። ገመዱን የሚይዙትን ሁለት ሁለት አርሶ አደሮች አሠልጥና፣ በሁለተኛው ዓመት እነርሱ ራሳቸው እንዲቀይሱ አድርጋለች። የተሠራውንም በሥራ ኖርም እየለካች ለክፍያ አስመዝግባለች።

ይህ መልስ ሲገኝ ሌላ አደጋ ይከተላል። አመልካቿ በደስታ «42 ሄክታር እርከን ሠርቻለሁ» ብላ ልትጽፍ ትችላለች። እርከኑን የሠራው ሕዝቡ ነው፤ እርሷ የቀየሰችና የለካች ናት። የአካባቢያችን ሰው የጋራ ሥራን ሲናገር ወይ ራሱን ፈጽሞ ይሰውራል፣ «ሠራን» ይላል፤ ወይም ሲቪ ላይ ሲደርስ የሁሉን ድካም ለራሱ ይጠቀልላል። ሁለቱም አንባቢን ያሳስታሉ። መድኃኒቱ የማኅበረሰቡንና የባለሙያውን ድርሻ በግሥ መለየት ነው፦ ቀየስኩ፣ ለካሁ፣ አሠለጠንኩ፣ ከኮሚቴው ጋር አቀድኩ። በዚህ መሠረት መስመሩ «ማኅበረሰቡ በ42 ሄክታር ላይ ለሠራው እርከን መስመሩን በላይን ሌቭል ቀየስኩ፤ ሥራውን በሥራ ኖርም ለካሁ፤ ቀያሽ አርሶ አደሮችን አሠለጠንኩ» የሚል ሆነ። የውኃና አፈር ጥበቃ ሙያን የሚያውቅ ጠያቂ ይህን ሲያነብ የሚቀጥለው ጥያቄ ስለ ተዳፋቱ መጠንና ስለ እርከኖቹ ርቀት እንደሚሆን ይገመታል። ገምጋሚው እነዚህን ሁለቱን በቃል ጠይቆ መመለስ መቻሏን ማረጋገጥ አለበት። መመለስ የማይቻልበት መስመር ከሲቪው ይውጣ።

ቁጥር ሁሉ ግን አይጠቅምም። «9 ሥልጠናዎችን ወስጃለሁ» የሚለው ቁጥር አለው፤ ስለ ችሎታዋ የሚናገረው ግን ጥቂት ነው። ቁጥር ዋጋ የሚኖረው የሥራውን ስፋት ሲያሳይና ከደብዳቤ ወይም ከሪፖርት ጋር ሊመሳከር ሲችል ነው። እርግጠኛ ያልሆነችበትን መጠን በግምት ከምታስቀምጥ ይልቅ «በአንድ ንዑስ ተፋሰስ» ብላ ብታልፈው ይሻላል።

ቅደም ተከተል፦ ምን ከምን ይቅደም?

የይዘቱ ጥያቄ ሳይመለስ ስለ አቀማመጥ መነጋገር ዕቃ ሳይገባ ቤት እንደ ማስተካከል ነው፤ ስለዚህ ሁለተኛ ይመጣል። የአመልካቿ ሲቪ የመጀመሪያ ገጽ የትውልድ ቦታ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ ሃይማኖት፣ ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ የተማረችባቸው ትምህርት ቤቶችና የሥልጠናዎች ዝርዝር ይዟል። የሥራ ልምዷ የሚጀምረው በሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ሲሆን፣ የተፋሰስ ባለሙያነቷ ሦስተኛው ገጽ ላይ ወድቋል። ይህ አቀማመጥ የተወረሰው ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሚሞላው የግል ሁኔታ መግለጫ ቅጽ ይመስላል። ቅጹ ለግል ማኅደር የተዘጋጀ ስለሆነ ከልደት ይጀምራል። ሲቪ ግን ለምርጫ የሚቀርብ ስለሆነ ከማስረጃ ይጀምራል።

ገምጋሚው እዚህ ላይ የሚያደርገው ቀላል ነው። በነጠላ ወረቀቱ ላይ ያሉትን አራት መስፈርቶች ይይዝና እያንዳንዱ በሲቪው የትኛው ገጽ፣ ከላይ ስንተኛው መስመር ላይ መልስ እንዳገኘ ቁጥሩን ይጽፋል። በምሳሌያችን ለተፋሰስ ልምድ «ገጽ 3፣ መስመር 5» የሚል ተጻፈ። ይህን ማየት ለአመልካቿ ከረዥም ምክር ይልቅ አስረጂ ነበር። ማስተካከያውም ከዚያው ተከተለ፦ ስምና አድራሻ፣ ከዚያ የሥራ ልምድ ከቅርቡ ወደ ሩቁ፣ ከዚያ ትምህርት፣ ከዚያ ለሥራው የሚመለከቱ ሦስት ሥልጠናዎች፣ በመጨረሻ ቋንቋና ምስክሮች። ሃይማኖትና የጋብቻ ሁኔታ፣ እንዲሁም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስታወቂያው ካልጠየቀ በስተቀር ወጡ። ሦስቱ ገጽ ሁለት ሆነ።

ይህ ቅደም ተከተል ለሁሉም አንድ አይደለም። ገና የተመረቀ ሰው ትምህርቱን ያስቀድማል፤ ዋናው ማስረጃው እርሱ ነውና። ለሁለተኛ ወይም ለሦስተኛ ዲግሪ የሚያመለክት ደግሞ የመመረቂያ ጥናቱን ርእስ፣ የተጠቀመበትን ዘዴና የሠራበትን የመስክ ቦታ ወደ ላይ ያወጣል፤ የ42 ሄክታሩ ቅየሳም ከሥራ ልምድነቱ በላይ የመስክ ጥናት መሠረት ሆኖ ይቀርባል። አንድ ሰው ለፕሮጀክት ሥራና ለትምህርት በአንድ ጊዜ የሚያመለክት ከሆነ ሁለት ሲቪ ያስፈልገዋል፤ ገምጋሚውም የትኛውን እያነበበ እንደሆነ ይጠይቅ።

ግልጽነት፦ ዘመን፣ ቦታና ስም

ግልጽነት ሲባል ብዙ ጊዜ የቋንቋ ማማር ይታሰባል። በእኛ አገር ሲቪዎች ላይ ግን አመልካችን ከውድድር የሚያስወጣው ያልተስተካከለ ዓረፍተ ነገር ከሚሆን ይልቅ ያልተመሳከረ ቀን መሆኑ ይቀላል።

የወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚሰጠው የሥራ ልምድ ደብዳቤ በአማርኛና በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፋል። ሲቪው በእንግሊዝኛና በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይሆናል። አመልካቿ ለማዛመድ በሁሉም ዓመት ላይ 7 ጨመረች። ስለዚህ ሲቪዋ እንዲህ አለ፦ ምረቃ 2016፤ የስማዳ ሥራ ከኖቬምበር 2017 እስከ ኖቬምበር 2020፤ የእስቴ ሥራ ከኖቬምበር 2020 እስከ ጁላይ 2023። ባልንጀራው በመጀመሪያ ንባብ ምንም አልታየውም፤ ዓመቶቹ ሁሉ በመልክ ትክክል ይመስላሉ።

ስሕተቱ የሚታየው ወሩ ሲታሰብ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ላለው ቀን 7 ይጨመራል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ላለው 8 ይጨመራል፤ የአውሮፓውያኑ አዲስ ዓመት በመካከል ስለሚገባ ነው። ኅዳር 2010፣ ጥቅምት 2013 እና ኅዳር 2013 በመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ስለሚወድቁ በ7 መቀየራቸው ትክክል ነው። ሰኔ 2009 እና ሰኔ 2016 ግን 8 ይፈልጋሉ። ስለዚህ ምረቃዋ 2017፣ የእስቴው ሥራ ማብቂያም ጁላይ 7 ቀን 2024 ነው።

ውጤቱን እናስላ። በትክክለኛው አቆጣጠር የስማዳው ሥራ 3 ዓመት፣ የእስቴው 3 ዓመት ከ8 ወር፣ በድምሩ 6 ዓመት ከ8 ወር ነው። በሲቪው ላይ በተጻፈው መሠረት ግን የእስቴው 2 ዓመት ከ8 ወር ስለሚሆን ድምሩ 5 ዓመት ከ8 ወር ላይ ይቆማል። ማስታወቂያው 6 ዓመት ይጠይቃል፤ ባለሙያነቷ ብቻውን ሲታይም ከተጠየቀው 3 ዓመት በታች ወረደ። አመልካቿ በአንድ የመደመር ስሕተት ሁለቱን መስፈርቶች አጣች ማለት ነው። በዚህ ላይ ሲቪው ምረቃዋን 2016 ሲል ዲግሪዋ 2017 ስለሚል፣ አጣሪው ማስረጃዎቿን ሁሉ በጥርጣሬ እንዲያይ ምክንያት ይሆነዋል።

ስለዚህ ገምጋሚው ሲቪውን ብቻ ሳይሆን የሥራ ልምድ ደብዳቤዎቹንና የዲግሪውን ቅጂ አጠገቡ አድርጎ ቀኖቹን አንድ በአንድ ያመሳክር። የሥራ ዘመኑን ርዝመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር አንድ ጊዜ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሌላ ጊዜ ያስላ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ስሕተት አለ። በሲቪው ላይም አንድ አቆጣጠር ብቻ ይኑር፤ የትኛው እንደሆነም አንድ ጊዜ ይገለጽ።

ሁለተኛው የግልጽነት ችግር የቦታ ስም ነው። አመልካቿ የሁለተኛ ሥራዋን ቦታ «መካነ ኢየሱስ» ብላ ብቻ ጽፋዋለች። ለእስቴ ሰው ይህ ከተማው ነው። ለአዲስ አበባ አንባቢ ግን መጀመሪያ የሚታወሰው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስና የልማት ሥራዋ ነው፤ ስለዚህ አመልካቿን የመንግሥት ሠራተኛ ሳይሆን የዚያ ድርጅት ባልደረባ አድርጎ ሊቆጥራት፣ ከዚያም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ ሲያይ ሊደናገር ይችላል። «ጋይንት» ብሎ ብቻ መጻፍም ላይና ታችን አይለይም፤ «ጎንደር» ብሎ ማሳጠር ደግሞ አንባቢውን ወደ ጎንደር ከተማ ይወስደዋል። የመሥሪያ ቤቱ ስም፣ ወረዳው፣ ዞኑና ክልሉ በመጀመሪያው መጠሪያ ላይ በሙሉ ይጻፉ፤ ከዚያ በኋላ ማሳጠር ይቻላል።

ሦስተኛው የሰው ስም ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ «ፀ» ወይም «ጸ» በአንዱ ማስረጃ በሁለት ፊደል፣ በሌላው በአንድ ፊደል ሊመጣ ይችላል፤ «ቸ»ና «ኘ»ም እንዲሁ ይለዋወጣሉ። ገምጋሚው በሲቪው፣ በዲግሪውና በመታወቂያው ላይ ያለው የአመልካቿ፣ የአባቷና የአያቷ ስም ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን ይይ። ልዩነት ካለ ሲቪው የዲግሪውን አጻጻፍ ይከተል።

ክፍት ጊዜም ከዚሁ ጋር ይታያል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ደርሶ እንደነበር የአካባቢው ሰው አይነገረውም። በዚያ ምክንያት ሥራው የተቋረጠበት አመልካች ሲቪው ላይ ባዶ ወራት ሲተው ባልንጀራው ያልፋቸዋል፤ ሌላው አንባቢ ግን በዚያው ቦታ ይቆማል። «በአካባቢው በነበረው ጦርነት ሥራ ተቋርጦ ነበር» የሚል አንድ መስመር ይበቃል፤ ዝርዝሩ ለቃለ መጠይቅ ይቆይ።

አስተያየቱ እንዴት ይሰጥ?

የተገኘው ሁሉ በአንድ ጊዜ ቢወርድ አመልካቿ የፊደል ግድፈቱን አርማ ዋናውን ትተወዋለች፤ ቀላሉ እርሱ ስለሆነ። ስለዚህ ገምጋሚው አስተያየቱን በሦስት ምልክት ይለይ። «ስ» ስሕተት ነው፤ ከማስረጃ ጋር የማይስማማ ስለሆነ መታረም አለበት። «ጥ» ጥያቄ ነው፤ መልሱ ያለው እርሷ ዘንድ ነው። «ም» ምርጫ ነው፤ ገምጋሚው ቢሆን እንዲህ ያደርግ ነበር፣ እርሷ ግን ልትተወው ትችላለች። በምሳሌያችን የምረቃው ዓመት «ስ»፣ «ተሳትፌያለሁ» የሚለው «ጥ»፣ የፊደሉ መጠን «ም» ሆኑ። ምልክቶቹ ይሉኝታንም ያቀልላሉ፤ «ስ» የተባለው ከደብዳቤው ጋር አለመስማማቱ እንጂ የአመልካቿ ማነስ አይደለምና። «ም» ከሁሉ ቢበዛ ግን ገምጋሚው የራሱን ሲቪ እየጻፈ መሆኑን ያውቃል።

ከዚህ በፊት ግን አንድ ነገር መጣራት አለበት። በትንሽ ከተማ ውስጥ አብረው የተማሩ ሁለት ሰዎች ለአንድ ቦታ ማመልከታቸው እንግዳ አይደለም። ገምጋሚው ለዚያው ቦታ የሚያመለክት ከሆነ ሲቪውን ከመቀበሉ በፊት «እኔም ላመለክት ነው፤ ሌላ ሰው ብታሳዪ ይሻልሻል» ማለት አለበት። ሲቪውን ካነበበ በኋላ የሚናገረው ከሆነ ቀና አስተያየቱም ይጠረጠራል።

የግምገማው ወሰን

ይህ ዘዴ የሚሠራው ሲቪ በሚነበብበት ቦታ ነው። በሰሌዳ በሚለጠፍ የመንግሥት ክፍት ቦታ ላይ አመልካች ዋናና ቅጂ ማስረጃውን ይዞ በአካል ሲመዘገብ ክብደቱ በማስረጃዎቹ ላይ ነው፤ እዚያ የሚጠቅመው የቀንና የስም ማመሳከሩ ክፍል ብቻ ነው። ከመንግሥት ውጭ በተገኘ የሥራ ልምድ ላይ ደግሞ ማስታወቂያው የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ከጠየቀ፣ ደብዳቤው ይህን ካልያዘ የሲቪው ማማር አያድነውም፤ ገምጋሚው ይህን አስቀድሞ ቢያስታውስ ደብዳቤውን ለማስተካከል ጊዜ ይኖራል። መስፈርቱን ያላሟላን ሰውም ግምገማ አያሟላለትም። ትክክለኛው ድምር 5 ዓመት ከ8 ወር ቢሆን ኖሮ ባልንጀራ ሊሰጥ የሚችለው ጠቃሚ አስተያየት «ለዚህኛው ጊዜሽን አታባክኚ፤ 5 ዓመት የሚጠይቀውን ፈልጊ» የሚል ነበር።

የተስተካከለው ሲቪ ከመግባቱ በፊት የመጨረሻው ንባብ ለሌላ ሰው ቢሰጥ ይመረጣል፤ እርሱም በተቻለ መጠን ጋይንትን፣ ስማዳንም ሆነ እስቴን ረግጦ የማያውቅ ይሁን። ከጅማ ወይም ከሐዋሳ የመጣ የዶርም ጓደኛ ለዚህ ይስማማል። ምክር አይጠየቅም፤ አንድ ጊዜ አንብቦ ወረቀቱን ይመልስና ሦስት ነገር በራሱ ቃል ይናገር፦ ይህች ሴት የት ሠራች? ለስንት ጊዜ? በእጇ ምን ሠራች? መልሱ ከአመልካቿ ታሪክ ጋር ከተስማማ ሲቪው ሊገባ ይችላል። ካልተስማማ የሳተበት መስመር ገምጋሚው ከራሱ ዕውቀት ሞልቶ ያለፈው መስመር መሆኑ አይቀርም፤ እርማቱም ከዚያ ይጀምራል።